ኢሜይላችን በምን ድምፅ ይናገራል?

ዋሽንግተን ዲሲ፣ ፔትዎርዝ ለተሰበሰቡ ወገኖች የቀረበ ዲስኩር

ከሥራ በቀጥታ የመጣችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁና ወደ ጉዳዩ ቶሎ እገባለሁ።

ዛሬ የማወራችሁ በቢሮ ኢሜይል ውስጥ ስለምናያቸው ሦስት ነገሮች ነው፦ ስለ ቃለ አጋኖ፣ ስለ ካፒታል ፊደልና ስለ ኢሞጂ። የምጠራቸው ቀናትና ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። እዚህ ከተማ የእኛ ሰው የሆስፒታል ፈረቃ ያስተባብራል፣ የመኪና ማቆሚያ ያስተዳድራል፣ የሒሳብ ቢሮ ከፍቶ የሰው ታክስ ይሠራል፣ መዋእለ ሕፃናት ይመራል። ሥራው ምንም ይሁን ምን ቀኑ በኢሜይል ተጀምሮ በኢሜይል ያልቃል። ሰውየው ሳይቆጣ «ተቆጣህ» የሚባለው፣ አክብሮ የጻፈው «ደረቅ ነው» ተብሎ የሚነበበው ብዙ ጊዜ በሰዋስው ስሕተት አይደለም። ሰዋስውማ ይታረማል፣ ኮምፒውተሩም ከሥሩ ቀይ መስመር ያሰምርበታል። የድምፅ ስሕተት ግን ማንም አያሰምርበትም፤ የሚታወቀውም መልሱ ሲዘገይ ወይም ሲቀዘቅዝ ነው።

ይህ ስሕተት ለምን እኛን ይበልጥ ያገኘናል? በአማርኛ ለመሥሪያ ቤት ስንጽፍ አክብሮቱን የሚሸከመው ግሡ ነው። «ይላኩልኝ» ካልን ማክበራችን ታወቀ፤ «ላክልኝ» ካልን ደግሞ ወዳጅነቱ ወይም አለቅነቱ ታወቀ። ከላይ ቁጥርና ቀን እናስቀምጣለን፣ «ጉዳዩ፦» ብለን ከሥሩ እናሰምራለን፣ በመጨረሻ «ከሰላምታ ጋር» ብለን እንፈርማለን። በዚያ ደብዳቤ ውስጥ አንድም ቃለ አጋኖ አይገባም፤ ደብዳቤው ግን ትሑት ነው። እንግሊዝኛ ሥራ አስኪያጁንም ተላላኪውንም በአንድ ተውላጠ ስም የሚጠራ ቋንቋ ነው። ግሡ ማንንም አያከብርም፣ ማንንም አይንቅም። ስለዚህ ሙቀቱና አክብሮቱ ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት። ፊት ለፊት ስንነጋገር ከድምፅና ከፈገግታ ይመጣል። በኢሜይል ጊዜ ግን ከቃላት ምርጫና ከእነዚህ ከምላችሁ ምልክቶች ይመጣል። «ይላኩልኝ»ን እያሰብን በእንግሊዝኛ ስንጽፍ ግሡ እርቃኑን ይቀራል፤ ያሰብነው አክብሮት እኛ ጭንቅላት ውስጥ ነው እንጂ ሰውየው ስክሪን ላይ አልደረሰም።

ከቃለ አጋኖ ልጀምር፤ ሰፋ አድርጌ የማወራውም ስለ እሱ ነው።

እኛ ቃለ አጋኖን የምናውቀው ከመፈክር፣ ከማስጠንቀቂያና ከትእዛዝ ነው። አጥር ላይ «ማለፍ ክልክል ነው!» ተብሎ ይጻፋል፤ ሰልፍ ላይ በጨርቅ ላይ ይጻፋል፤ ሲበዛ ሦስት ይሆናል። ጮክ ማለት ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው፣ በተለይ አገር ቤት ቢሮ ውስጥ ሠርቶ የመጣ ሰው፣ በእንግሊዝኛ ኢሜይሉ ውስጥ ቃለ አጋኖን ጨርሶ አያስገባም። ጨዋነት ነው ብሎ ያምናል። በአሜሪካ ቢሮ ግን ምልክቱ ሥራውን ቀይሯል። ምስጋና ላይና ሰላምታ ላይ ሲቀመጥ ጩኸት መሆኑ ቀርቶ ፈገግታ ሆኗል።

ሁለት መልሶችን ጎን ለጎን አስቡ። ባልደረባችሁ የጠየቃችሁትን ፋይል ላከላችሁ። አንደኛው መልስ እንዲህ ነው፦

```
Thanks.
```

ሁለተኛው እንዲህ፦

```
Thanks!
```

ለእኛ ዓይን የመጀመሪያው የተሟላ፣ የተከበረ፣ ነጥቡን በወጉ ያስቀመጠ ምስጋና ነው። እዚህ አገር ያደገ ባልደረባ ግን፣ በተለይ ወጣት ከሆነ፣ በሩ ቀስ ተብሎ እንደተዘጋበት ሊያነበው ይችላል፤ «ምን አጠፋሁ?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል። ሁለተኛው ለእሱ ምንም የተጋነነ ነገር የለውም። ተራ፣ ደግ መልስ ነው።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። በ2006 ካሮል ዋሰለስኪ የተባለች ተመራማሪ በሙያ ሰዎች የኢሜይል ውይይቶች ውስጥ ቃለ አጋኖ የት የት እንደገባ መርምራ ጽሑፍ አሳትማ ነበር። ከዚያ በፊት የነበረው ወሬ ቃለ አጋኖ የስሜታዊነት ምልክት ነው፣ ሴቶችም ስሜታዊ ስለሆኑ ያበዙታል የሚል ነበር። እሷ ያገኘችው ሌላ ነው። ሴቶቹ ይበልጥ መጠቀማቸው እውነት ሆኖ፣ ምልክቱ ብዙ ጊዜ የገባው ግን ለወዳጅነት ነው፤ ለምስጋና፣ ለሰላምታ፣ ለማበረታታት። መደንገጥን ወይም መነሸጥን ለመግለጽ የገባው ጥቂት ነው። ከዚህ ጋር አንድ የሚያናድድ ነገር አለ፤ ሳልናገረው ባልፍ ደስ አይለኝም። ወንዱ ነጥብ ብቻ አድርጎ ቢልክ «ሥራ በዝቶበት ነው» ይባልለታል፤ ሴቷ ያንኑ ብታደርግ «ምን ሆና ነው?» ትባላለች። እህቶቼ ይህን ሸክም ከእኔ በተሻለ ያውቁታል። ስለዚህ «ቃለ አጋኖ ቀንሱ» የሚለው ምክር ለሁሉም እኩል ዋጋ አያስከፍልም።

ታዲያ መጠኑ ስንት ነው? እኔ አብሬያቸው ለምሠራ ሰዎች የምነግራቸው ይህን ነው፦ በአንድ አጭር ኢሜይል ውስጥ አንድ ይበቃል፤ ቦታውም ወይ ሰላምታው ነው ወይ ምስጋናው። ሁለት ቢሆን ወንጀል የለውም። ሦስት ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ ሦስቱም በቃለ አጋኖ ካለቁ ግን ፈገግታው መፍረክረክ ይጀምራል፤ አንባቢው ደግነታችሁን ትቶ ጭንቀታችሁን ያያል።

ከብዛቱ በላይ የሚገዛው ግን ቦታው ነው። ቃለ አጋኖ የተቀመጠበትን ዓረፍተ ነገር ነው የሚያጎላው። ምስጋና ላይ ሲሆን ምስጋናውን ያሞቃል። ትእዛዝ ላይ ሲሆን ትእዛዙን ያከብደዋል፤ ያ የአጥሩ «ማለፍ ክልክል ነው!» ይሆናል። ቅሬታ ላይ ሲሆን ጣት መቀሰር ነው። እምቢታ ላይ ሲሆን ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። «ፈቃድዎ አልጸደቀም!» ተብሎ ቢጻፍላችሁ ምን ይሰማችኋል? ሰውየው የተደሰተ ይመስላል። የሥራ ማመልከቻ ውድቅ ሲደረግ፣ ዕዳ ሲጠየቅ፣ ሐዘን ሲነገር ቃለ አጋኖ ከጽሑፉ ይውጣ። የሐዘን ኢሜይል ላይ ለባልደረባ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ለማለት ስንፈልግ በእንግሊዝኛው መጨረሻ ላይ ከልማድ የሚመጣውን ቃለ አጋኖ ማጥፋት አለብን።

በነገራችን ላይ አውትሉክ የሚባለው የኢሜይል ፕሮግራም የራሱ ቃለ አጋኖ አለው። መልእክቱን «ከፍተኛ አስፈላጊነት» ብላችሁ ከላካችሁት በተቀባዩ ዝርዝር ላይ ቀይ ቃለ አጋኖ ይታያል። እሱን ለእሳት ጊዜ አስቀምጡት። በየሳምንቱ ሲመጣ ሰው ማየቱን ይተዋል፣ ወይም ይባስ ብሎ ላኪውን መለየት ይጀምራል።

ወደ ካፒታል ፊደል ልለፍ።

የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። ሀ ሀ ነው፤ በዓረፍተ ነገር መጀመሪያም ሆነ በንጉሥ ስም ላይ መጠኑ አይለወጥም። «ትልቁ ኤ፣ ትንሹ ኤ» እያልን የተማርነው እንግሊዝኛ ስንጀምር ነው፤ የተማርነውም እንደ ቅርጽ እንጂ እንደ ድምፅ አይደለም። ኮምፒውተር ላይ አማርኛ የምትጽፉ ደግሞ የምታውቁት ነገር አለ። በድምፅ በሚሠሩት የግእዝ ኪቦርዶች ላይ ትንሹ t «ት» ሲሰጥ ትልቁ T «ጥ» ይሰጣል፤ ትንሹ c «ች» ሲሆን ትልቁ C «ጭ» ነው። ለእጃችን ሺፍት የሚባለው ቁልፍ ሌላ ተነባቢ የሚያወጣ ቁልፍ ነው። በላቲን ፊደል አማርኛ ቴክስት የሚያደርግ ሰውም «ጥሩ»ን በትልቁ T የሚጽፈው ሊጮህ ብሎ አይደለም። በዚህ ላይ ፎርሙ አለ። አገር ቤት የሞላነው የእንግሊዝኛ ፎርም ሁሉ «በካፒታል ሌተር ይሙሉ» ይል ነበር። ፓስፖርታችን ላይ ስማችን በሙሉ በካፒታል ነው። ስለዚህ ለመንግሥትና ለቢሮ የሚጻፍ ነገር በካፒታል ሲሆን የተከበረ፣ ግልጽ፣ ሕጋዊ ይመስለናል። ዓይን ደከም ያለበት ሰው ደግሞ ስለሚታየው ብቻ ካፕስ ሎክን ተጭኖ ይጽፋል። (ለዚህኛው መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ኢሜይሉን በብራውዘር ከፍቶ ኮንትሮልና የመደመር ምልክቱን አብሮ መጫን ነው። ለራሱ ይተልቅለታል፣ ለተቀባዩ አይጮህበትም።)

የአሜሪካ አንባቢ ግን ሙሉ ዓረፍተ ነገር በካፒታል ሲያይ ጩኸት ይሰማል። ይህ ንባብ ከየት መጣ? ለማየት ሩቅ መሄድ የለብንም። ከዚህ ጆርጂያ አቬኑን ይዛችሁ ወደ ሰሜን ብትነዱ ሲልቨር ስፕሪንግ ትደርሳላችሁ፤ እዚያ የአሜሪካ ብሔራዊ የአየር ትንበያ አገልግሎት ዋና መሥሪያ ቤት አለ። ያ መሥሪያ ቤት ለብዙ አሥርት ዓመታት ትንበያውን ሁሉ የጻፈው በካፒታል ፊደል ብቻ ነበር። ዝናብ ይጥላል ለማለትም፣ ነገ ፀሐይ ነው ለማለትም። ምክንያቱ ቁጣ አልነበረም፤ ቴሌታይፕ ነው። በስልክ ሽቦ ጽሑፍ የሚያስተላልፉት የድሮ ማሽኖች ትንሹን ፊደል ስለማያውቁ ምርጫ አልነበረም። ማሽኖቹ ቀስ በቀስ ጠፉ፣ ልማዱ ግን ቀረ፤ ምክንያቱም ትንበያውን የሚቀበሉ አንዳንድ ደንበኞች አሮጌውን መሣሪያ ይዘው ቆይተዋል፣ የራሱ የመሥሪያ ቤቱ ሶፍትዌርም መቀየር ነበረበት። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ለመለወጥ ተሞክሮ አልሆነም።

በዚህ መሐል ኢሜይል መጣ፣ ትርጉሙም ተለወጠ። በጥቅምት 1995 የወጣውና RFC 1855 ተብሎ የሚታወቀው የኢንተርኔት የጨዋነት መመሪያ በካፒታል መጻፍ እንደ መጮህ እንደሚታይ በግልጽ አስቀመጠ። ስለዚህ የአየር ትንበያ ባለሙያዎቹ ስለ ቀለል ያለ ካፊያ ሲጽፉ ለአዲሱ አንባቢ በቁጣ የሚናገሩ መሰሉ። በመጨረሻ ከግንቦት 11 ቀን 2016 ጀምሮ ትንበያዎቹን ወደ ተራው አጻጻፍ ማዛወር ጀመሩ። የአሜሪካ ባሕር ኃይልም ከእነሱ ቀደም ብሎ በ2013 ለመልእክቶቹ ይኸንኑ ፈቅዶ ነበር።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ለእኛ የሚጠቅመው ቁራጭ አንድ ነው። አገልግሎቱ ካፒታልን አልጣለውም፤ ለአደጋ ማስጠንቀቂያ አስቀረው። ሁሉም ነገር በካፒታል ሲሆን አውሎ ነፋሱ ከካፊያው አይለይም ነበር። ሁሉም በተራ ፊደል ሲሆን ግን አንድ ቃል በካፒታል ቢጻፍ ዓይን ይይዘዋል። በኢሜይልም እንዲሁ ነው። መድኃኒቱ ከምግብ በፊት እንዳይወሰድ ለማሳሰብ NOT የምትለዋን አንዲት ቃል ብቻ በካፒታል ብትጽፉ ማንም አይቀየምም፤ ይጠቅማልም። ዓረፍተ ነገሩን በሙሉ ካደረጋችሁት ግን የትኛው ቃል እንደሚበልጥ ለአንባቢው አልነገራችሁትም፤ ጮሃችሁበት ብቻ።

እዚህ ከተማ ይህን ችግር ከሌላ ወገን የሚያዩት ተርጓሚዎች ናቸው። በ2004 በወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ምክንያት የዲሲ መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ጽሑፎቻቸውን በአማርኛም ያወጣሉ። እንግሊዝኛው «አስፈላጊ» የሚለውን በካፒታል ሲጽፍ አማርኛው ምን ያድርግ? ያደምቀዋል ወይም ከሥሩ ያሰምርበታል። ካፒታል የሌለው ፊደል ሌላ መንገድ ያገኛል፤ እኛም በእንግሊዝኛ ስንጽፍ ያንኑ መንገድ መጠቀም እንችላለን።

ነገሩ እስከ ምን ሊደርስ እንደሚችል የሚያሳይ የኒው ዚላንድ ጉዳይ አለ። አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ በ2007 ከሥራ ተሰናበተች፤ ከተከሰሰችባቸው ነገሮች ዋናው በካፒታል፣ በደማቅና በቀይ ፊደል የተጻፉ ኢሜይሎቿ ባልደረቦቿን አስቀይመዋል የሚል ነበር። እንደ ማስረጃ የቀረበው ኢሜይል የሚናገረው ስለ ቅጽ አሞላል ነበር። በ2009 የአገሩ የሥራ ክርክር ባለሥልጣን ስንብቱ አግባብ አልነበረም ብሎ 17,000 የኒው ዚላንድ ዶላር ካሳ ፈረደላት። ተፈረደላት፤ ግን ሁለት ዓመት ገደማ ከጠበቀች በኋላ ነው።

አሁን አንድ ኢሜይል በእጃችን ይዘን እንየው። ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ለማሳያ ብዬ፤ ግን የማታውቁት ዓይነት አይደለም። ሠራተኛው አፓርታማ ሊከራይ ነው፤ አከራዩ የደመወዝ ወረቀት ጠይቆታል፤ የመጨረሻው ወረቀት አልመጣም። ለሠራተኛ አስተዳደር ይጽፋል፦

```
Subject: PAY STUB PROBLEM!!!

I DID NOT GET MY PAY STUB. SEND ME TODAY!
Thank you 🙏🙏
```

ሰውየው ጨዋ ነው። አመስግኗል፣ እጁንም አጣጥፏል። ተቀባይዋ ምን እንዳየች ግን በየመስመሩ እንሂድ።

ርእሱ በካፒታል ሆኖ በሦስት ቃለ አጋኖ ያልቃል። ከሰው በፊት የሚያነበው ማጣሪያው ነው። ስፓምአሳሲን የተባለው በሰፊው የሚታወቅ የቆሻሻ ኢሜይል ማጣሪያ SUBJ_ALL_CAPS የሚል ደንብ አለው፤ ርእሱ በሙሉ ካፒታል ከሆነ ነጥብ ይይዝበታል። ነጥቡ ብቻውን ኢሜይሉን አይጥለውም፤ በተለምዶ ድምሩ 5 ሲደርስ ነው ቆሻሻ የሚባለው። ግን ከሌላ ነገር ጋር ሲደመር ይገፋዋል። መልስ ሳይመጣ ሲቀር «ናቁኝ» ከማለታችን በፊት ኢሜይሉ የት እንደወደቀ መጠየቅ የሚገባን ለዚህ ነው። ደረሳት እንበል። ርእሱ ጮኸ እንጂ ምን እንደፈለገ አልተናገረም፤ የትኛው ወረቀት ነው፣ የየትኛው ቀን?

ቀጥሎ ሰላምታ የለም። ከዚያ በካፒታል የተጻፈ ክስ፣ ከዚያ በካፒታል የተጻፈ ትእዛዝ፣ ትእዛዙ ላይም ቃለ አጋኖ። ምስጋናው ላይ ደግሞ፣ ቃለ አጋኖ በሚያስፈልግበት በዚያ አንድ ቦታ፣ የለም። ምልክቶቹ ሁሉ ቦታቸውን ተለዋውጠዋል። ከዚያ ሁለት የታጠፉ እጆች። ከላይ ጮኸ፣ ከታች ለመነ። ተቀባይዋ የትኛውን ትመን?

እንዲህ ቢሆንስ፦

```
Subject: Missing pay stub, March 1-15

Good morning,
I have not received my pay stub for March 1-15.
Could you please send it by Friday, March 20?
My landlord needs it that day.
Thank you!
```

ጥድፊያው አልጠፋም፤ ከካፒታሉ ወጥቶ ወደ ቀኑ ገባ። «ዛሬውኑ» ብሎ መጮህና «አከራዬ ዓርብ ይፈልገዋል» ማለት አንድ ጉዳይ ናቸው፤ ሁለተኛው ግን ለተቀባይዋ የምትቸኩልበትን ምክንያት ይሰጣታል፣ ለአለቃዋም ልታሳየው ትችላለች። አክብሮቱ ወደ ጥያቄው ቅርጽ ገባ፤ ያ ነው የ«ይላኩልኝ» ምትክ። ቃለ አጋኖው አንድ ነው፣ ምስጋናው ላይ። ዓርብ ካለፈና መልስ ካልመጣ ሁለተኛው ኢሜይል በዚያው ርእስ ስር ይሄዳል፤ የሚጠነክረው ግን በቀንና በእውነታ ነው፦ መቼ እንደጠየቃችሁ፣ ምን እንደቀረባችሁ፣ ለማን ቅጂ እንደላካችሁ። ብስጭት ሲኖር ቃለ አጋኖውን ማውጣት እንዲያውም ያስፈራል። እዚህ አገር በጣም የተቆጣ ሰው ኢሜይል ጸጥ ያለ፣ በነጥብ የሚያልቅ ነው።

ኢሞጂን በመጨረሻ ያመጣሁት ከሦስቱ ሁሉ ይበልጥ ሰው የሚጠይቀውና መሬቱ የማይጸናው እሱ ስለሆነ ነው።

መነሻው ቀልድ ነው። መስከረም 19 ቀን 1982 ፒትስበርግ በሚገኘው ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ስኮት ፋልማን የተባለ የኮምፒውተር ምሁር፣ በኮምፒውተር የሚጻጻፉ ባልደረቦቹ ቀልድን ከቁም ነገር መለየት ስላቃታቸው፣ ቀልድ ሲሆን :-) ይደረግበት ብሎ ሐሳብ አቀረበ። እዚህ ላይ ትንሽ እንኩራ፤ የእኛ ሥርዓተ ነጥብ ለዚህ ጉዳይ ምልክት ነበረው። የተገለበጠው ቃለ አጋኖ ¡ ትእምርተ ስላቅ ነው፤ «ጎበዝ¡» ብለን ስንጽፍ መሳለቃችን ይታወቃል። ፔትዎርዝ ውስጥ ደግሞ ይህ ምልክት አስቂኝ አደጋ አለው። ከሳልቫዶር የመጣው ባልደረባችሁ በስፓኒሽ ሲያመሰግናችሁ ¡Gracias! ብሎ ከፊት ይገለብጠዋል፤ በእሱ አጻጻፍ ምንም ስላቅ የለበትም፣ ደንቡ ነው። በአማርኛ ዓይን አንብባችሁ እንዳትቀየሙት።

ስላቅን በእንግሊዝኛ ኢሜይል ውስጥ አታስገቡ የምለውም በምክንያት ነው። በ2005 ጀስቲን ክሩገር፣ ኒኮላስ ኤፕሊና ባልደረቦቻቸው ሰዎች ዓረፍተ ነገሮችን በቁም ነገር ወይም በስላቅ እንዲልኩ አድርገው ነበር። ላኪዎቹ ከመቶ 78 ያህሉን ተቀባዩ ይለየዋል ብለው አመኑ። በድምፅ የሰሙት 73 ያህሉን ለዩ። በኢሜይል ያነበቡት ግን 56 ያህሉን ብቻ፤ ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት ብዙም አይሻልም። የሚገርመው የላኪዎቹ እርግጠኝነት በሁለቱም አንድ መሆኑ ነው። ድምፁ በራሳቸው ጆሮ ውስጥ ስለሚሰማቸው ወረቀቱም የሚናገር ይመስላቸዋል።

ታዲያ ፈገግታ ብንጨምርበትስ? ለጓደኛ አዎ። ለማያውቁት ሰው በሚጻፍ የመጀመሪያ የሥራ ኢሜይል ላይ ግን አይረዳም። ኤላ ግሊክሰንና ሁለት ባልደረቦቿ ከ29 አገሮች የተውጣጡ 549 ሰዎችን ያሳተፈ ጥናት በ2017 አውጥተዋል። በፎቶግራፍ ላይ ያለ ፈገግታ ሰውየውን ደግም ብቁም አድርጎ አሳየው። በኢሜይል ያለ የፈገግታ ምልክት ግን ደግነት አልጨመረለትም፣ ብቃቱን ቀነሰበት። መልስ የጻፉለትም ሰዎች ፈገግታ ለሌለው ኢሜይል ይበልጥ ዘርዘር ያለ መልስ ሰጡ። ኢሜይሉ መደበኛ ካልሆነ ግን ይህ ጉዳት አልታየም።

ፈገግታው ባይደርስስ? በቆዩ የአውትሉክ ስሪቶች ላይ ሁለት ነጥብና ቅንፍ ስትጽፉ ፕሮግራሙ ራሱ ወደ ፈገግታ ይለውጠዋል፤ የሚለውጠው ግን ዊንግዲንግስ በሚባል የሥዕል ፊደል ነው፤ በዚያ ፊደል ውስጥ ፈገግታው የተቀመጠው በትልቁ J ቦታ ላይ ነው። የተቀባዩ ስልክ ያ ፊደል ከሌለው የሚያየው ብቻዋን የቆመች J ናት። በኢሜይል መጨረሻ ላይ ያለ ምክንያት J ካያችሁ የሰው ስም መጀመሪያ አይደለችም፤ ፈገግ ብሎላችኋል።

🙏ን እኛ ለምስጋናም፣ ለጸሎትም፣ ለልመናም እናውለዋለን፤ ቤተሰብ መሐል ሦስቱም አንድ ላይ ይሄዳሉ። ቢሮ ውስጥ ግን ተቀባይዋ አንዱን ትመርጣለች፤ መብታችሁ የሆነውን ደመወዝ ስትጠይቁ ልመናውን ከመረጠች ራሳችሁን ዝቅ አድርጋችኋል። 👍 ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ከምታስቡት በላይ ክብደት አለው። ካናዳ፣ ሳስካችዋን ውስጥ በመጋቢት 2021 አንድ የእህል ገዢ የተልባ ግዢ ውሉን ፎቶ አንሥቶ ለገበሬው በስልክ ላከና እንዲያረጋግጥለት ጠየቀ። ገበሬው 👍 ብሎ መለሰ። በኅዳር ተልባው አልቀረበም፤ በመካከሉ ዋጋው ንሯል። ገበሬው «ደርሶኛል ማለቴ ነው እንጂ ተስማምቻለሁ ማለቴ አይደለም» ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ በ2023 አውራ ጣቷ እንደ ፊርማ ትቆጠራለች ብሎ ከ82,000 የካናዳ ዶላር በላይ አስከፈለው፤ ይግባኙም በታኅሣሥ 2024 አልቀናውም። ዳኛው የተመለከቱት አውራ ጣቷን ብቻ አይደለም። ሁለቱ ሰዎች ከዚያ በፊት በነበራቸው ንግድ ገበሬው እንዲህ ባለ አጭር መልስ ብቻ ተስማምቶ እህሉን ያቀርብ ነበር። ስለዚህ ለንግድ የምትጻጻፉ ወገኖቼ፣ የዕቃ ዋጋ፣ የኪራይ ውል ወይም የሥራ ሰዓት የሚመለከት ሲሆን «ደርሶኛል፣ አንብቤ እስከ ነገ እመልሳለሁ» ብላችሁ በቃላት ጻፉ።

ሌላው ቀላል ነው። ኢሞጂን መጀመሪያ የሚያስገባው አለቃው ወይም ደንበኛው ይሁን፤ እሱ ካስገባ እናንተም በልኩ መመለስ ትችላላችሁ፣ እሱ አንድ ሲያደርግ እናንተም አንድ። ካላስገባ ምስጋናችሁ ላይ ያለችው አንዲት ቃለ አጋኖ ትበቃለች። ጥያቄ ያላችሁ፣ ወይም ስልካችሁ ላይ «ይህን ኢሜይል እንዴት ልመልሰው?» የሚያሰኝ ነገር የያዛችሁ ካላችሁ፣ ስምና አድራሻውን ሸፍናችሁ አሳዩኝ፤ አብረን እናየዋለን።